ቃለ ጉባኤው ላይ ያልሰፈረ ጥያቄ

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ዛሬ አንድ አጭር ልብ ወለድ ይዤ መጥቻለሁ። ሰዎቹን ስም አልሰጠኋቸውም፣ አንዳንድ ነገርም ቀያይሬያለሁ። ስብሰባው ግን በግንቦት 2009 ዓ.ም. እኔ ራሴ ቃለ ጉባኤ የያዝኩበት ነው። ማተሚያ ቤቱን ያቋቋሙት አጎቴ ነበሩ። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ታላቅ እህትየው ልክ ነበረች? አንብባችሁ ፍረዱ።

ታሪኩ ይኸው።

የቦርዱ ስብሰባ የተጠራው ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ሠራተኛው በግማሽ ቀን ስለወጣ ማሽኖቹ ቆመዋል። የቀለሙና የጋዙ ሽታ ግን ፎቅ ድረስ ይመጣል። የተሰበሰብነው በአጎቴ የድሮ ቢሮ ነው። የጠረጴዛው መስታወት ሥር የድሮ የሠርግ ካርዶች ተደርድረዋል። አጎቴ ካተማቸው ውስጥ የወደዳቸውን እየመረጠ እዚያ ይከታቸው ነበር።

እናትየው ሰብሳቢ ናቸው። በቀኛቸው ሥራ አስኪያጇ ታላቅ እህት፣ በግራቸው ወንድምየው ተቀመጡ። ከነሱ ቀጥሎ የሟቹ መሥራች ታናሽ ወንድም የሆኑት አጎትየውና የድርጅቱ የሃያ ዓመት ሂሳብ ሹም አሉ። ታናሽ እህት አሜሪካ ስለሆነች ውክልናዋ በታላቋ እጅ ነው። እኔ ጥግ ላይ ደብተሬን ዘርግቻለሁ።

ሻይ ተቀዳ። የነካው የለም።

"አክሲዮኔን ሸጫለሁ" አለ ወንድምየው። "ማለቴ፣ ተስማምቻለሁ። እናንተ ፈርሙልኝ ብቻ።"

"ለማን?" አለች እህትየው።

"ለወረቀቱ ሰውዬ።"

የወረቀቱ ሰውዬ የሚባለው አስመጪ ነው። ማተሚያ ቤቱ ከሱ በዱቤ ይወስዳል፣ በሁለት ወር ይከፍላል።

"ዕዳ ያለብንን ሰው ነው ቤታችን የምታስገባው? ለማን በስንት እንደምናትም፣ የትኛው ደንበኛ እንደሚያዘገይብን ሁሉን ሊያይ?"

"ዘጠኝ ሚሊዮን ይሰጠኛል፣ እትዬ።"

ሂሳብ ሹሙ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

እህትየው ፋይሏን ከፈተች። የድርጅቱ የተጣራ ሀብት በመዝገብ 10 ሚሊዮን ብር እንደሆነ አነበበች። "ያንተ ሩብ ነው። 2 ሚሊዮን ተኩል። ቤተሰቡ ይገዛሃል።"

ወንድምየው ወደ ሂሳብ ሹሙ ዞረ። "ጋሼ፣ ታች ያለው ሃይደልበርግ በመዝገብ ስንት ነው?"

"እሱማ እርጅናው ተቀንሶ ተቀንሶ አልቋል። መዝገብ ላይ እንዲቆይ ያህል አንድ ብር ተብሎ ነው የተያዘው።"

"ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ደብተር ሲያትም ያደረው እሱ አይደለም?"

"ነው።"

"ታዲያ አንድ ብር ነው?"

እህትየው የመተዳደሪያ ደንቡን አወጣች። አባቷ ያሰመሩበትን አንቀጽ በጣቷ ይዛ አነበበች። መሸጥ የፈለገ አባል ለሌሎቹ አባላት ቅድሚያ ይሰጣል፣ እነሱም በ30 ቀን ውስጥ መልስ ይሰጣሉ ይላል።

"ይኸው ሰጠሁ" አለ ወንድምየው። "በዘጠኝ ሚሊዮን ግዙኝ።"

"በመዝገብ ዋጋ ነው እንጂ!"

"የቱ ላይ ተጽፏል?"

ወረቀቱን ገለበጠችው። ጀርባው ባዶ ነበር።

ከዚያ አጎትየው ጠየቁ። "ቀብድ ወስደሃል?" ወንድምየው ሻዩን አየ። "አምስት መቶ ሺህ" አለ። አጎትየው ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

ድምፅ ይሰጥ ተባለ። ለባዕድ መሸጡን የሚቃወም እጁን ያንሣ። እህትየው አነሣች። አጎትየው አነሡ። ሂሳብ ሹሙም ቀስ ብሎ አነሣ። ሦስት። ወንድምየው ደግፎ አነሣ። አንድ። እናትየው እጃቸውን ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ ቀሩ።

ሁሉም ሊነሣ ሲል እናትየው ተናገሩ። "አባታችሁ ካረፈ ይኸው አራት ዓመቱ። ለመሆኑ ይህ ልጅ በአራት ዓመት ከዚህ ቤት ስንት ብር ወሰደ?"

የመለሰ የለም። ትርፉ በየዓመቱ ለአዲስ ማሽን ሲውል እንደኖረ ሁሉም ያውቃል። ጥያቄውን መጻፍ ጀምሬ ነበር። እህትየው አየችኝ። "እሱ ጥያቄ ነው እንጂ ውሳኔ አይደለም፤ አይጻፍ" አለች። ጀምሬው የነበረውን መስመር ሰረዝኩት።

ታሪኩ እዚህ ያበቃል። መልሶቹ ብዙ ሆኑና ተበታተኑ። ዘግይቶ ለሚመጣ ሰው እንዲመች በተራ ቁጥር እያሳጠርኩ ከዚህ በታች አስቀምጫቸዋለሁ።

መልስ 1

የመጀመሪያዋ ሴት በጣም ጨዋ ናት። ታሪኩን አመስግና ፍርዷን ወዲያው ሰጠች። እህትየው ልክ ናት ባይ ናት። አባት የለፋበትን ቤት ለማያውቁት ሰው መክፈት ነውር ነው፣ ገንዘብ የቸገረው ወንድም ለቤተሰቡ ይናገር ነበር አለች። ቀብዱን ተደብቆ መውሰዱ ግን ከሁሉ በላይ አበሳጭቷታል።

መልስ 2

ከአዳማ የጻፈ ሰው በሁለት መስመር ጨረሰው። አክሲዮን የባለቤቱ ንብረት ስለሆነ ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልግም አለ። እሱ ራሱ ባለፈው ዓመት የባንክ አክሲዮኑን ሲሸጥ ሌሎቹን ባለአክሲዮኖች አልጠየቀም፣ ጭራሽም አያውቃቸውም።

መልስ 3

ይህኛው ረጅም ነበር። ጸሐፊው ጉዳዩን የውርስ ቤት ክርክር አድርጎ ነው የተረዳው። የደሴ ሰው ነው። አምስት ወንድምና እህት አንድ ቤት ወርሰው አንዱ ድርሻዬን ስጡኝ ሲል መካፈል አልተቻለም፣ ቤቱም በፍርድ ቤት በጨረታ ተሸጠ። የገዛው ደግሞ ከአጥር ማዶ የነበረው ጎረቤት ነው። እናታቸው የተከሉትን የጊሽጣ ዛፍ ጎረቤትየው በሳምንቱ እንደቆረጠው ጽፏል። ጉዳያችን ሌላ መሆኑን ነግሬዋለሁ። እኛ ጋ የተሸጠው ድርሻ እንጂ ቤት አይደለም። የዛፉን ነገር ግን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ።

መልስ 4 እና 5

አራተኛዋ ለረጅም ጊዜ በጥብቅና የሠራች ሴት ናት። ፍርድ አልሰጠችም። ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። ድርጅቱ አክሲዮን ማህበር ነው ወይስ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር? አክሲዮኑስ በማን በማን እጅ በስንት በስንት ተይዟል?

በአምስተኛው መልስ የማስታውሰውን ጻፍኩላት። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ነው። ከመቶው እናት 30፣ ታላቅ እህት 25፣ ወንድም 25፣ ታናሽ እህት 20 ይይዛሉ። አጎትየውና ሂሳብ ሹሙ ምንም የላቸውም። አጎቴ በሕይወት ሳሉ ያማክሩኝ ብለው ነው ቦርድ ውስጥ ያስገቧቸው።

መልስ 6

ጠበቃዋ ስትመለስ ክሩ አቅጣጫውን ቀየረ። መጀመሪያ ለአዳማው ሰው መለሰችለት። የባንኩ ነገር እውነት ቢሆንም ባንክ አክሲዮን ማህበር ስለሆነ ነው፤ እዚያ ድርሻ እንደልብ ይሸጣል። የግል ማህበር ግን የተሠራው በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል ነው። ያኔ ይሠራበት የነበረው የ1952ቱ የንግድ ሕግ አንዱ አባል ለሌላው አባል በነፃነት እንዲሸጥ ይፈቅድ ነበር፣ ደንቡ ካልከለከለ በስተቀር። ለውጭ ሰው ለመሸጥ ግን ቢያንስ የካፒታሉን ሦስት አራተኛ የያዙ አባላት መስማማት ነበረባቸው።

ከዚያ ወደ እኔ ታሪክ ዞረች። የግል ማህበር በዚያ ሕግ የሚታወቁት ሁለት ነገሮች ነበሩት፤ የአባላት ጉባኤና ሥራ አስኪያጅ። ቦርድ ብዙ የቤተሰብ ድርጅት ለራሱ የሚያቋቁመው አማካሪ ነው። ምክር ይሰጣል እንጂ ማን አባል ይሁን ብሎ አይወስንም። ቀጥሎ የጻፈችውን ሳነብ ደነገጥኩ። ከተነሡት ሦስት እጆች ሁለቱ ምንም አክሲዮን የሌላቸው ሰዎች እጅ ነበሩ። አንድ ብር ያላዋጡ ሁለት ሰዎች የሩብ ባለቤቱን ጉዳይ ወሰኑት ማለት ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ ሦስት ለአንድ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

መልስ 7

አንድ በሂሳብ የተማመነ ወጣት ደስ ብሎት ገባ። ነገሩ በካፒታል ከተቆጠረ ወንድምየው አሸንፏል አለ። የሱ 25 እና የእናቱ 30 ሲደመር 55 ነው፣ ከግማሽ በላይ ስለሆነ ሽያጩ ጸድቋል ብሎ ደመደመ። እህትየው ፍርድ ቤት ብትሄድ ትሸነፋለች እስከ ማለትም ደርሷል።

መልስ 8

ጠበቃዋ እዚህ ላይ ትዕግሥቷ አጠረ። ሦስት አራተኛ ብላ ከጻፈች አሥር ደቂቃ እንኳ እንዳልሞላ አስታወሰችው። 55 ከ75 ጋር አይገናኝም። እንዲያውም እናትየው እሺ አላሉም። ስምምነቱ ከጠቅላላው ካፒታል ላይ በሚቆጠርበት ቦታ እጅ አለማንሣት እምቢ ከማለት እኩል ነው።

ቀጥላ እስከ መጨረሻው ቆጠረችው። የወንድም 25፣ የእናት 30፣ የታናሽ እህት 20። ድምሩ ልክ 75። ሕጉ ቢያንስ ስለሚል ይበቃል። ማለትም ታላቅ እህት ብቻዋን ልትከለክል አትችልም ነበር። የወሰኑት ዝም ያሉት እናትና ማንም ያልደወለላት ታናሽ እህት ናቸው።

እኔ በዚያ ክፍል ውስጥ ስለነበርኩ ይህ እስካሁን ይከነክነኛል። እናትየው ዝም ያሉት ከሁለቱ ልጆቻቸው ላለመምረጥ ነበር። ፊታቸውን አይቼዋለሁ። ዝምታቸው ግን መርጧል።

መልስ 9 እና 10

ከዚያ ወሬው ወደ ማሽን ሄደ። ሃያ ሁለት ዓመት በማተሚያ ቤት የሠሩ አባት ስለ ሃይደልበርጉ ጻፉ። አንድ ቀለም ነው ሁለት ቀለም? ሮለሩ ተቀይሮለት ያውቃል? ማሽን በእርጅናው ሳይሆን በኦፕሬተሩ እጅ እንደሚለካ፣ ወረቀቱን ሲጠባ በሚያሰማው ድምፅ ብቻ ችግሩን እንደሚያውቁ አጫወቱን። አንድ ብር የሚለው ነገር አስቆጥቷቸዋል። በደንብ የተያዘ ማሽን ገበያ ላይ ፈላጊ አያጣም ብለዋል። አሥረኛው ሰው ደግሞ ስለ ወረቀት መወደድ አማረረና ወጣ።

መልስ 11

የማሽኑ ወሬ ግን ጠቅሟል፤ አንድ የሂሳብ ባለሙያ ቀሰቀሰ። 2 ሚሊዮን ተኩሉም 9 ሚሊዮኑም ዋጋ አይደሉም ብሎ ጀመረ። መዝገብ የሚያሳየው ዕቃው ሲገዛ የወጣውን ብር፣ ከዚያ ላይ እርጅና እየተቀነሰ የቀረውን ነው። ሃያ ዓመት የሠራ ማሽን እዚያ ላይ ምንም ነው። በድሮ ዋጋ የተሠራ ሕንፃም እንደዚያው ትንሽ ነው። ደንበኛና ስም ደግሞ ጭራሽ አይታዩም። ስለዚህ እህትየው ያነበበችው ቁጥር ውሸት ባይሆንም ለሌላ ሥራ የተዘጋጀ ቁጥር ነው።

የአስመጪው 9 ሚሊዮን ግን ለሱም አልጣመውም። ሩቡ 9 ከሆነ ድርጅቱ በሙሉ 36 ሚሊዮን ያወጣል ማለት ነው። ሩብ የያዘ ሰው ግን ትርፍ ይከፋፈል ብሎ ማስወሰን አይችልም፣ ሥራ አስኪያጅም አይሽርም። እንደዚህ ያለ ድርሻ ከሩብ ዋጋው ቀነስ ብሎ ነው የሚሸጠው። ወንድምየው ራሱ አራት ዓመት ያለ ትርፍ መቀመጡ ለዚህ ምስክር ነው። ታዲያ ነጋዴ ሰው ለምን ሙሉ ይከፍላል? ሰውዬው ማተሚያውን ሳይሆን ቦታውን ፈልጎ ይሆናል የሚል ጥርጣሬ አለው። እኔ በዚህ ላይ ምንም ማለት አልችልም። ሰውዬውን ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ወረቀት ነበር ያወራው።

ይኸው ባለሙያ ዋናው ጥፋት የአጎቴ አንቀጽ እንደሆነ ጽፏል። ቅድሚያ ለአባል ብሎ ዋጋውን ማን እንደሚተምን ሳይናገር ያለፈ አንቀጽ ሁለቱንም ወገን ባለመብት ያደርጋል። ገለልተኛ ገማች ይተምነዋል የሚል አንድ መስመር ቢጨመርበት ኖሮ ያ ቅዳሜ ሻዩ ይጠጣ ነበር ብሏል። ከመልሶቹ ሁሉ የተስማማሁበት ይህ ነው። አንዳቸውም ስለ ባዕድ አልተጣሉም። የተጣሉት ስለ ዋጋ፣ ከዋጋም በፊት ስለ አራት ዓመት ነው።

መልስ 12

አንዱ ዘዴ አመጣ። ወንድምየው ውሉ ላይ 2 ሚሊዮን ተኩል ብሎ ይጻፍና ቀሪውን በእጁ ይቀበል፣ ግብሩም ይቀንስለታል አለ። ሁሉም እንደዚህ ነው የሚያደርገው ብሎም ጨመረ።

መልስ 13

ጠበቃዋና የሂሳብ ባለሙያው አከታትለው መለሱለት። እሷ ቆጣ ብላ ነበር። ሐሰተኛ ዋጋ መጻፍ ወንጀል ነው ብላ ጀመረች። ያንን ብንተወው እንኳ ወንድምየው ራሱን በገዛ እጁ ያስር ነበር። ቅድሚያው የአባላት ነውና እህትየው ውሉን አይታ፣ በዚሁ በተጻፈው ዋጋ እኔ እገዛለሁ ብትል ምን ሊመልስ ነው?

እሱ ደግሞ ግብሩን አሰላ። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ አክሲዮን ሲሸጥ ከሚገኘው ጥቅም ያኔ 30 በመቶ ይከፈል ነበር። የወንድምየው ድርሻ መነሻ 250 ሺህ ብር ተብሎ ቢያዝ ጥቅሙ 8 ሚሊዮን 750 ሺህ ነው። ግብሩ 2 ሚሊዮን 625 ሺህ ይሆናል። እጁ የሚገባው 6 ሚሊዮን 375 ሺህ ነው። የድርሻውን መነሻ ለማስላት ራሱ ክርክር እንዳለበት አስጠንቅቋል። ስብሰባው ላይ ይህን ያነሣ አንድም ሰው አልነበረም። ዘጠኝ የሚለውን ቁጥር ሁላችንም ሙሉውን ይዘነው ነበር የተቀመጥነው።

መልስ 14

ከሲልቨር ስፕሪንግ የጻፈችው ሴት ስለ ራሷ ነው ያወራችው፣ ግን አልራቀችም። እሷም ለታላቅ ወንድሟ ውክልና ልካለች። ኤምባሲ ሄዳ ፈርማ፣ አዲስ አበባ ደግሞ ውጭ ጉዳይና ውልና ማስረጃ አልፎ። ከዚያ ወዲያ የጠየቃት ሰው የለም። በስሟ የተሰጠ ድምፅ እንዳለ የሰማችው ከሦስት ዓመት በኋላ በሠርግ ላይ ነው። የኔ ታሪክ ውስጥ ታናሽ እህት አንድም ቃል አለመናገሯ ልቧን ነክቶታል። ውክልና ሰጠች ማለት አፏን ሰጠች ማለት ነው እንዴ ብላ ጠይቃለች። ውክልናው ምን ምን እንደሚል ሳይነበብ ታላቋ በስሟ መቃወም መቻሏንም ተጠራጥራለች። ጠበቃዋ ወረቀቱን ሳላይ አልናገርም አለችና ይህ ሳይቋጭ ቀረ።

መልስ 15

እዚህ ላይ ነገር ከረረ። አንድ ሰው ወንድምየውን አባቱን ከመቃብር ያወጣ ከሐዲ አድርጎ ሳለው። የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ የሚለውን ተረት ጠቅሶ፣ ይኸኛው ዘራፊውን ራሱ ጠርቶ አመጣ ብሏል። ሌላም ስድብ ነበረው፤ አልደግመውም።

መልስ 16

የመለሰለት ሰው እኔ እንደዚያ ያለ ወንድም ነኝ ብሎ ነው የጀመረው። የቤተሰቡ ሥራ ዘይት መጭመቂያ ነው። ሰባት ዓመት ባለድርሻ ተብሎ ሲጠራ ኖረ። ልጁ ታሞ ብር ሲፈልግ ያለህ ድርሻ ነው እንጂ ብር አይደለም ተባለ። ባንክ ሄዶ ድርሻውን ለብድር ማስያዣ አቀረበ፤ አልተቀበሉትም። ለቤተሰቡ ይናገር ነበር ያለችውን የመልስ 1 ሴት ሳያስቀይም አስታወሳት። እሱ ስምንት ጊዜ ተናግሯል። በመጨረሻ ድርሻውን ለአክስቱ ልጅ በቀረበለት ዋጋ ሸጦ ወጣ። አሁንም በዓል አብረው ያሳልፋሉ፣ ግን እናቱ ቤት ሲገባ ጫማውን በር ላይ ሲያወልቅ እንግዳ እንግዳ ይለዋል።

ስለ ቀብዱ ያነሣውም እሱ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ራሱ ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ወንድምየው ሻዩን እያየ ዝም ያለው አንድ ሚሊዮን ብር አስቦ ይሆናል ብሎ ገመተ። ጠበቃዋ ፈቃዱን የከለከሉት ሌሎች ከሆኑ ውሉን ማን አፈረሰው የሚለው ያከራክራል ብላ ብቻ አለፈች። የመልስ 1 ሴት ተመልሳ መጥታ ሰውየውን ይቅርታ ጠየቀችው።

መልስ 17

አንድ የልብ ወለድ አንባቢ ሁሉንም ትቶ ስለ አጻጻፉ ተቸኝ። የወረቀቱ ጀርባ ባዶ መሆኑን ወዶታል። እናትየውን ግን እስከ መጨረሻው ማስቀመጤን አልወደደም። ዋናዋ ሰው እሳቸው ሆነው ሳለ ከሻዩ ጋር አብረው ተረስተዋል አለ። ትክክል ነው። ሰብሳቢ ብዬ ከጻፍኩ በኋላ እስከ ድምፁ ድረስ አንድም ጊዜ አላየኋቸውም። ያን ቀንም ብዙ አላየኋቸውም፣ ዓይኔ ደብተሩ ላይ ነበር።

መልስ 18

አንዱ ይህ ሁሉ ክርክር አሮጌ ነው፣ በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ወጥቷል ብሎ ሁላችንንም ሊያስቆም ሞከረ። ጠበቃዋ ስብሰባው 2009 ላይ መሆኑን አሳየችው። ዛሬ እንዲህ ያለ ጉዳይ የገጠመው ሰው ግን አዲሱን ከፍቶ ያንብብ፣ ከዚህ ክር ላይ ቁጥር አይውሰድ ብላለች።

መልስ 19

ብዙዎች መጨረሻው ምን ሆነ ብለው ስለጠየቁ ይህን እኔ ጻፍኩ። አስመጪው ቀብዱን ተቀብሎ ሄደ፤ እጥፉን አልጠየቀም። በዓመቱ ታናሽ እህት ከአሜሪካ የወንድሟን ድርሻ በ5 ሚሊዮን ብር ገዛች። በሦስት ጊዜ ከፍላ ጨረሰች። በአባላት መካከል ስለነበር ታላቋን ማንም አላስፈቀደም። አሁን ታናሿ 45 ይዛለች፣ ታላቋ ያው 25። ታላቋ አሁንም ሥራ አስኪያጅ ናት፣ ሃይደልበርጉም አሁንም ይሠራል። 5 ሚሊዮኑ ተገቢ ዋጋ ነበር አልነበረም፣ ሁለቱ እህቶች አሁንም አልተስማሙም።

መልስ 20

ጠበቃዋ አንድ የመጨረሻ ነገር ጠየቀችኝ። ያ የሰረዝኩት መስመር አሁን የት ነው? እንዲህ ያለው ጥያቄ መጻፍ ነበረበት ባይ ናት። አንድ አባል ለአራት ዓመት ትርፍ እንዳልደረሰው ሰብሳቢዋ ራሳቸው በጉባኤ ጠይቀው መልስ ማጣታቸው፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ ለወንድምየው ከዚያ ሁሉ ወረቀት ይልቅ ይናገርለት ነበር።

የተፈረመው ቃለ ጉባኤ ላይ የለም። ረቂቁ ደብተር ግን እኔ ጋ ነው። ዛሬ ማታ አውጥቼ አየሁት። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ለመሆኑ ይህ ልጅ በአራት ዓመት፣ ይላል። ከዚያ ሰረዙ ይጀምራል።